የዐሥራ አራተኛው ሥዕል ቀስት

ገብረ ኪዳን ግትር ሰው ነው። ወረታ ውስጥ ይህን የማያውቅ ቢኖር በዚያው ሳምንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ደብር ሹማምንት የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ዳማ አድርገህ ሣልልን፣ ለዓይን ይሞላል ቢሉት፣ «የሰማዕቱ ፈረስ ነጭ ነው፤ ዳማ ፈረስ ከፈለጋችሁ ገበያ ሂዱ» ብሎ የበጠበጠውን ቀለም ደጃቸው ላይ ደፍቶባቸው ወጥቷል። ሚስቱ ደብረወርቅ ያን ክረምት ጎረቤት እየዞረች እህል ስትበደር ከረመች። እሱ ግን አልተመለሰም፤ ፈረሱም ሳይሣል ቀረ።

አባቱ ሠዓሊ ነበር፤ አያቱም እንዲሁ። ሰው ሁሉ «አለቃ» ይለዋል፤ አለቃነቱን ግን የሾመው ማንም የለም፣ እጁ ነው ያሾመው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚያስጌጥ ባለ ጸጋ ጠፋ። ባለ ጸጋው ራሱ ጠፍቶ የለ! ገብረ ኪዳንም መላእክት የሚስልበትን ብሩሽ ለሻይ ቤት ሰሌዳና ለመፈክር አዋለው። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለውን ሲጽፍ እንኳ ፊደሉን እንደ ብራና ጽሑፍ እያሳመረ ነበር፤ ሙያ ልማድ ነው።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጎርፉ ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ሩዙ ቢጫ መምታት ሲጀምር፣ ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች መጡ። የአምራቾች ማኅበር ገበሬ እንዴት ተባብሮ ሩዝ እንደሚያመርት የሚያሳይ አጭር ፊልም ሊሠሩ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ በሲኒማ መኪና ተጭኖ ከሐሙሲት እስከ አንበሳሜ በየገበያው ይታያል ተባለ። ከነሱ ጋር የመጣው ሠዓሊ ግን ወረታ በደረሰ በሳምንቱ ወባ ጣለችውና ባሕር ዳር ሆስፒታል ገባ። የፎገራ ትንኝ ለእንግዳ አታዳላም።

የፊልሙ ዳይሬክተር በላቸው የሚባል፣ ቀጭን፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር። ሠዓሊ ሲያጠያይቅ ገብረ ኪዳንን አገናኙት። ሥራውንም አስረዳው። ፊልም ከመቀረጹ በፊት ታሪኩ በሥዕል ተራ በተራ ወረቀት ላይ ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ ሥዕል «ፍሬም» ይባላል። ለእያንዳንዱ ፍሬም ዳይሬክተሩ አጭር ማዘዣ ይጽፋል፤ ካሜራው በሩቁ ነው የሚያየው ወይስ በቅርቡ፣ ማን በስተቀኝ ማን በስተግራ ይቆማል፣ ፊቱ ወዴት ነው፣ ምን ያደርጋል። ሠዓሊው ማዘዣውን አንብቦ ይስላል፤ ካሜራ የያዘው ሰው ሥዕሉን አይቶ ይቀርጻል።

«አንድ ነገር ብቻ አይርሱ አለቃ» አለው በላቸው፤ «ካሜራ የሚያየውን እንጂ የማያየውን አይስሉም። እኔም አልጽፍም። ሐሳብ አይታይም። የሚታየው እጅ ነው፣ እግር ነው፣ ፊት ነው። ሥዕል ደግሞ ስለማይንቀሳቀስ፣ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ ወይም እጁን ወዴት እንደሚሰነዝር በቀስት እናሳያለን።»

ይህ ለገብረ ኪዳን ገባው። ወደደውም። ከመፈክር ይሻላል።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በሦስተኛው ፍሬም ላይ ነው። ማዘዣው «ሰፊ እይታ፤ ገበሬው በመካከል፣ ከጎን ይታያል፣ ከበሬዎቹ ኋላ ያርሳል፤ ከግራ ወደ ቀኝ» ይላል። ገብረ ኪዳን በሬዎቹን አሳምሮ ሣለ፤ የፎገራ በሬ ቀንዱም ሻኛውም እንደሚገባው ሆነ። ገበሬው ግን አካሉ ወደ ቀኝ እየሄደ ፊቱ ሙሉ ወደ ተመልካቹ ዞሯል፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ፍጥጥ ብለዋል።

በላቸው ሳቁ መጣበት። «አለቃ፣ ይህ ሰው እርሻውን ትቶ እኛን ነው የሚያየው። ማረሻው ድንጋይ ቢመታስ? ከጎን ሲታይ እኮ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።»

«በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው» አለ ገብረ ኪዳን። «ሰይጣንም፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮችም። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው። ይህ ገበሬ ምን በደለ?»

በላቸው ሲጋራውን አጠፋና በትዕግሥት አስረዳው። እዚህ ጻድቅም ኃጥእም የለም፤ ከጎን ማለት ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ገብረ ኪዳን ሰውየውን ወደደው፤ ነገሩም እውነት እንደሆነ አወቀ። እጁ ግን እንቢ አለው። እርሳሱን እያነሣ ቢሞክር ቢሞክር፣ የገበሬው ሁለተኛ ዓይን ተመልሶ ቁጭ ይላል። በመጨረሻ በላቸው ተሸነፈና «ይሁን፤ ካሜራ የሚይዘው ልጅ እንዳይሳሳት እኔ እነግረዋለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ በሬው ከጎን፣ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ እስከ ዐሥራ ሦስተኛው ፍሬም ድረስ በሰላም ዘለቁ።

የዐሥራ አራተኛው ማዘዣ ሲመጣ ገብረ ኪዳን ገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እርሳስ እየቀረጸ ነበር። እንዲህ ይላል፦

«ፍሬም ፲፬። ሙሉ እይታ፤ ሁለቱም ሰዎች ከራስ እስከ እግር ይታያሉ። ጓድ አንለይ በስተቀኝ ቆሞ፣ ፊቱ ወደ ካሜራው። አማከለች በስተግራ፣ ከጎን ትታያለች፣ አንገቷን ደፍታ። ከኋላቸው በሩቁ የሩዝ ማሳና ገበሬዎች። ድርጊት፦ አማከለች የማሳዋን አፈር በሁለት እጇ ይዛ ለጓድ አንለይ ትሰጣለች።»

ከ«ትሰጣለች» በፊት በቀይ እስክሪብቶ፣ በሌላ ሰው እጅ «በፈቃደኝነት» የሚል ቃል ተጨምሯል።

አማከለች የገብረ ኪዳን ታላቅ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በርብ ወንዝ ዳር ያለውን ማሳዋን ከልጇ ጋር ታርሳለች፤ ጎርፍ ጥቁር ደለል እየደረበበት የሚሄድ፣ እሸት የማይነጥፍበት ማሳ ነው። ማኅበሩ ከፈለገው ቆይቷል። በምትኩ ውሃ የማይለቀው ረግረግ ይሰጥሻል ብለዋታል። እንቢ ብላለች። አዋጁ ማንም ሰው ማኅበር የሚገባው በፈቃዱ ነው ስለሚል፣ እንቢታዋ ለካድሬው ለአንለይ የጉሮሮ አጥንት ሆኖበታል፤ እሷን እያዩ ሌሎቹም እግራቸውን ይጎትታሉ። አሁን የቸገረው ነገር ተፈታለት። አንድ ጊዜ አፈሩን ስትሰጥ ፊልም ላይ ከታየች፣ ማን ነው በግድ ወሰዱባት የሚል? ሐሙሲትም አንበሳሜም የሚያየው የፈቀደች አማከለችን ነው።

አንለይ በልጅነቱ የሚያሳድገው ሲያጣ ያስጠጋው የገብረ ኪዳን አባት ነበር። ሽማግሌው ከሚስሉበት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ ቀለም እየፈጨ ነው ፊደል የቆጠረው። አይፈረድበትም እንዳልል እፈርድበታለሁ፤ የበላበትን ወጪት ሰባሪ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ገብረ ኪዳን ማዘዣውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሜዳውን አቋርጦ እህቱ ዘንድ ሄደ። አማከለች ማሳዋ ዳር የበሬ ቀንበር ትጠፍር ነበር። አነበበላት።

«መስጠቴን አንተ ነህ የምትስለው?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«እኔ ባልስል ሌላ ያመጣሉ እታለሜ።»

«ያምጡ እንጂ። ሌላው ቢስለኝ አላዝንም። እንዴት አድርገህ ነው የምትስለኝ?»

«ከጎን ይላል።»

ጠፍሩን ለቀቀችና አየችው። «ከጎን ማለት?»

ገብረ ኪዳን ማዘዣውን መልሶ ኪሱ ከተተ። አንገቱን ደፋ። አማከለች ከአባታቸው ግድግዳ ሥር ያደገች ናት፤ ከጎን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚተረጉምላት ሰው አያስፈልጋትም።

«አባታችን ያን ዓይነቱን ሥዕል ሲሥል እኛ ልጆች እየፈራን በእጃችን እንሸፍነው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አሁን የእኔን ልጅ ገበያ ላይ፣ በመኪና ሥዕል፣ እናትህ ያቻት እያሉ ሊያሳዩት ነው። አንተ ልጅም ሚስትም አለህ፤ እስር ቤቱም ቅርብ ነው። ሣል ካሉህ ሣል። እኔ ግን እንደዚያ አልቆምም፤ ገለውም አያቆሙኝ።»

ሲመለስ ልቡ እየፈራ ነበር። ይህን መደበቅ ምን ያደርጋል? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ የኖረ አገር ልጅ ነው፤ የዚያን ጊዜው ንጉሥ ደግሞ ክላሽ ታጥቆ በየቀበሌው ነበር። ደብረወርቅ ምን ትላለች ብሎ አሰበ። ልጆቹን አሰበ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ዘረጋና ማዘዣውን ከፊቱ በድንጋይ አስያዘው። ከዚያ ሣለ።

በየፍሬሙ ማን የት እንደሚቆም ለገበሬዎቹ ለማሳየት በላቸው ሥዕሎቹን አዳራሹ ግድግዳ ላይ በተራ ይለጥፋቸው ነበር፤ ማንበብ የማይችለው ሥዕሉን አይቶ የት እንደሚቆም ያውቃል። በማግስቱ ጠዋት ገበሬዎቹ ገብተው ከመጀመሪያው እየተሳሳቁ ተመለከቱ። የራሳቸውን በሬ ለዩ፤ አንዱ የጎረቤቱን አፍንጫ አየና አሾፈ። ዐሥራ አራተኛው ጋ ሲደርሱ ሳቁ ቆመ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ከኋላ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ።

በሥዕሉ አማከለች በስተግራ ቆማለች፤ ሙሉ ፊቷ ወደ ተመልካቹ ነው፤ ሁለቱ ዓይኖቿ እንደ ማርያም ሥዕል ሰፋፊ ናቸው። አፈሩን በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ አስጠግታዋለች። በስተቀኝ ጓድ አንለይ፣ ከነኮፍያው፣ ከነደረት ኪሱ እስክሪብቶ፣ ከጎን ተሥሏል። አንድ ዓይን አለው።

አንለይ ሲገባ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ሥዕሉ ፊት ቆመ።

«ይህ ምንድር ነው?»

«ፍሬም ዐሥራ አራት» አለ ገብረ ኪዳን።

«እኔ ነኝ?»

«ማዘዣው ጓድ አንለይ ነው የሚለው።»

«ለምን... ለምን ከጎን ሣልኸኝ?»

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ መልሱን ያውቅ ነበር። አንለይም ያውቀዋል፤ ችግሩ ይኸው ነበር። ክፉ አድርገህ ሣልኸኝ ቢል፣ ማርክስን እያነበብኩ ነው የሚለው ሰው ሥዕል የሚያነብበው እንደ ዲያቆን መሆኑን በራሱ አፍ መመስከሩ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ይውላል።

«ከጎን መሆን ምን ይከፋል ጓድ?» አለ ገብረ ኪዳን። «ጓድ በላቸው እንዳስተማሩኝ፣ ከጎን ማለት ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።»

በላቸው ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለ። «እውነት ነው፤ ብዬዋለሁ» አለ፤ ቀጥሎም ባለሙያ ነውና፣ «ግን አለቃ፣ ማዘዣው ከጎን ያለው እሷን ነው። የፊታቸውን አቅጣጫ ለዋውጠውታል።»

«ለዋውጫለሁ።»

«ለምን?»

«እህቴን በአንድ ዓይን አልስልም።» ወደ አንለይ ዞሮም ደገመው። «አልስልም። እጄ ቢቆረጥ አልስልም።»

አንለይ ፊቱ ጠቆረ። የፊውዳል ቅሪት፣ የደብተራ አስማት እያለ ጥቂት ተናገረ። ሰዉ መሬት መሬት እያየ ሰማው። መቼም ካድሬ ሆኖ ሞኝ አልነበረም፤ በዓይኑ ነገር ከቆየ እንደሚሸነፍ ገባውና ነገሩን ዞር አደረገው።

«የፊቱ ነገር ይቅር። ማዘዣው ትሰጣለች ይላል። ይህች እየሰጠች ነው ወይስ ታቅፋ ቆማለች? ቀስቱ የታለ?»

እዚህ ላይ እውነት ነበረው። ቀስት የለም። በሌሎቹ ሥዕሎች ሁሉ፣ በሬው ወዴት እንደሚሄድ፣ አጫጁ ማጭዱን ወዴት እንደሚሰነዝር ቀስት አለ፤ እዚህ አፈሩ ደረቷ ላይ ቀርቷል።

«ማዘዣው ያልተጨረሰ ነገር አለበት» አለ ገብረ ኪዳን ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ። «በቀይ የተጻፈችው ቃል ቸገረችኝ። በፈቃደኝነት ትላለች። ጓድ በላቸው የማይታይ አይሣልም ብለውኛል። አማከለች በስተግራ ናት፣ ጓድ አንለይ በስተቀኝ ነው፤ ፈቃደኝነት የት ትቁም? በመካከል ላድርጋት ወይስ ከኋላ፣ ከገበሬዎቹ ጋር?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና ሳል አስመስሎ ዋጠው።

በላቸው ሲጋራውን እያሽከረከረ መሬት መሬት አየ። «ያቺን ቃል እኔ አልጻፍኳትም» አለ በቀስታ። «ሰጠች የሚለውን ካሜራ ያየዋል። ወዳ ሰጠች የሚለውን ካሜራ አያየውም።» እሱም የእንጀራ ነገር ሆኖበት እንጂ ከዚያ በላይ የሚለው ነበረው፤ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።

አንለይ ከጠረጴዛው ላይ እርሳስ አነሣና ለገብረ ኪዳን ዘረጋለት። «ቀስቱን ሣል።» ከዚያም ከየት እንደመጣበት እንጃ፣ ድምፁ ዝቅ አለና ድሮ በልጅነቱ ገብረ ኪዳንን በሚያናግርበት አንደበት፣ «ይሣሉትና ነገሩ ይለቅ አለቃ፤ አያስገድዱኝ» አለው።

ገብረ ኪዳን እርሳሱን ተቀበለ። ልመናው አሳዘነው፤ ለአንድ አፍታ አንለይን ቀለም ሲፈጭ እንደነበረው አየው። ቀስቱ እኮ አንድ መስመር ነው፤ ከአማከለች እጅ ተነሥቶ ወደ ቀኝ አንድ ስንዝር የማይሞላ መስመር። ያችን ከሣለ ቤቱ ይገባል፤ ልጆቹንም ያያል። ሐሙሲት ላይ ሰው ሁሉ አማከለች ሰጠች ይላል። አንለይም ከነአንድ ዓይኑ ማሳውን ይረከባል።

ግድግዳው ጋ ሄደ። የእርሳሱን ጫፍ ከእህቱ መዳፍ ላይ፣ ከአፈሩ ላይ አስነሣ። ከዚያ ወደ ታች፣ ቀጥ አድርጎ፣ እግሯ ሥር እስካለው መሬት ድረስ አወረደው። ጫፉን ሁለት ጊዜ አድምቆ ቀስት አደረገው።

«ከመሬቱ አንሥታ ወደ መሬቱ ትመልሰዋለች» አለ። «ይህን ካሜራ ያየዋል።»

ማንም አላጨበጨበም፤ ያ ዘመን የሚጨበጨብበት አልነበረም። ግን ማንም አልወጣም። ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች ገብተው ግራና ቀኝ ክንዱን ሲይዙት፣ ሰዉ ቅዱስ ሥዕል ፊት እንደሚቆም ግድግዳው ፊት ቆሞ ነበር። አንለይ ሥዕሉን ገነጠለው። ሲገነጥለው ሁሉም አየው፤ እሱም ሁሉም እንዳየው አየ።

ገብረ ኪዳን የቀበሌው እስር ቤት ገባ። መጋዘን ነበር፤ የጓያ ሽታ አለው። ደብረወርቅ ምግብ ስታመጣ መጀመሪያ ተቆጣችው፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ በመጨረሻ ቀለሞችህን ደብቄልሃለሁ አለችው። በዚህ ነው ይቅር እንዳለችው ያወቀው።

አማከለች የመጣችው ቆይታ ነው። ዘበኛው ከበሩ ሳታልፍ እንድታነጋግረው ፈቀደላት። ከሳ ብላለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

እንደነገረችው፣ እሱ ከገባ በኋላ ማሳዋ ላይ አቆሟት። ካሜራውን ተከሉ፤ አንለይም ኮፍያውን አስተካክሎ በስተቀኝ ቆመ። አፈር አንሺ አሏት፣ አነሣች። ስጪ ሲሏት ጣቶቿን ከፈተች፤ አፈሩ እግሯ ሥር ፈሰሰ። እንደገና አሏት፣ እንደገና ፈሰሰ። አንለይ እጇን ይዞ ሊዘረጋው ቢሞክር፣ ካሜራው ኋላ የነበረው በላቸው «አቁሙ» አለ። የሚጎትት እጅ ካሜራው ያየዋል፤ ይህን ፊልም ላይ አላስገባም፤ የቀረኝም ጥሬ ፊልም ትንሽ ነው ብሎ ዕቃውን አስጫነ። ፊልሙ ያለ ዐሥራ አራተኛው ፍሬም ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

«ከዚያስ ማሳው?» አለ ገብረ ኪዳን።

አማከለች ጭቃ የለበሰ እግሯን አየች። ርብ ዳር ያለው መሬት እንዲህ ያለ ጭቃ የለውም፤ ይህ የረግረጉ ጭቃ ነው።

«በትራክተር መጥተው አረሱት» አለች። «ወሰዱት። እኔ ግን አልሰጠሁም። ይህን ሐሙሲትም ያውቃል፣ አንበሳሜም ያውቃል።»

ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ ቆሎ ፈታችና በበሩ ክፍተት በእጁ ላይ አፈሰሰችለት።